ፌብሩዋሪ 30 የተሸጠው ወተት

ለሥራ ያመለከተ ሰው አርብ ማምሻውን አንድ ፋይል በኢሜይል ይደርሰዋል። ፋይሉ የአንድ የወተት መሸጫ ቅርንጫፍ የሦስት ወር ሽያጭ ነው፤ በአንዱ ዓምድ ቀኑ፣ በሌላው ዓምድ የተሸጠው ሊትር፣ በጠቅላላው 90 መስመር። ጥያቄዎቹ ሁለት ብቻ ናቸው። ወተት በብዛት የሚሸጠው ከሳምንቱ በየትኛው ቀን ነው? ቅርንጫፉስ በቀን በአማካይ ስንት ሊትር ይሸጣል? መልሱ እስከ ሰኞ ጠዋት እንዲላክ ተብሏል። ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ቢሮው ዝግ ስለሆነ ደውሎ የሚጠይቀው ሰው የለም።

ፋይሉን ለዚህ ጽሑፍ ብዬ ያሰናዳሁት ነው። በውስጡ ያስቀመጥኳቸው ወጥመዶች ግን ለዳታ ሥራ የሚያመለክቱ ሰዎች የሚልኩልንን መልስ ሳነብ በኖርኩባቸው ዓመታት ደጋግሜ ያየኋቸው ናቸው። ቤት ተወስዶ የሚሠራ ፈተና ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ጊዜ አለ፣ ኢንተርኔት አለ፣ ከራስ በላይ ቆሞ የሚያይ ፈታኝ የለም። ክብደቱ የሚታወቀው ጥያቄው ግማሽ ብቻ መሆኑ ሲገባን ነው። ሌላውን ግማሽ አመልካቹ ራሱ ገምቶ ይሞላዋል። የሞላውን ካልነገረን ቁጥሩ ትክክል ይሁን ስህተት ማወቅ አንችልም።

ከ90ዎቹ መስመሮች አንዷ እንዲህ ትላለች፦ 30/02/2016፣ 38 ሊትር።

በፈረንጅ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን የለም። ስለዚህ ይህች መስመር ወይ የጽሕፈት ስህተት ናት፣ ወይም የተጻፈችው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ጥቅምት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ማለት ነው። ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው ያየ ሰው ሌላም ምልክት ያገኛል፤ በሦስቱም ወራት 31 የሚል ቀን አንድም ቦታ የለም፤ እያንዳንዱ ወር በ30 ያበቃል። እንግዲህ የቀረው ጥርጣሬ እምብዛም ነው።

ችግሩ ኤክሴል ይህን አያውቅም። ኮምፒውተሩ ወርን አስቀድሞ በሚጽፈው የአሜሪካ አጻጻፍ ላይ ከሆነ፣ ከእያንዳንዱ ወር የመጀመሪያዎቹን 12 ቀናት ገልብጦ ያነባል። ጥቅምት 5፣ ማለትም 05/02/2016፣ ሜይ 2 ቀን 2016 ይሆንና አረፈው። ከ13ኛው ቀን ጀምሮ ያሉትን ደግሞ 13ኛ ወር ስለሌለው ቀን መሆናቸውን ሳያውቅ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተዋቸዋል። ከ90 መስመር 36ቱ የተሳሳተ ቀን ይዘው፣ 54ቱ ቀን ሳይሆኑ ይቀራሉ። ይህ ቢያንስ በዓይን ይታያል፤ ቀን ተብለው የተነበቡት ከሴሉ ቀኝ ጠርዝ፣ ጽሑፍ ሆነው የቀሩት ከግራ ጠርዝ ይሰለፋሉ። የሚከፋው ኮምፒውተሩ ቀንን አስቀድሞ የሚያነብ ሲሆን ነው። ያን ጊዜ 89ኙ መስመሮች ያለ አንዳች ቅሬታ የ2016 የፈረንጅ ቀኖች ሆነው ይቀመጣሉ፤ ወደ ግራ ተገፍታ የምትቀረው ያቺ 30/02 ብቻ ናት። ብዙ ሰው «አንድ መስመር ተበላሽታለች» ብሎ ይሰርዛታል። ስለ ፋይሉ እውነቱን የምትናገረውን መስመር ሰረዘ ማለት ነው።

ከዚህ የሚመጣውን ጥፋት ልብ በሉ። መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ማክሰኞ ነበር። ጃንዋሪ 1 ቀን 2016 ደግሞ አርብ ነበር። ስለዚህ የመስከረም ሽያጭ በሙሉ በሦስት ቀን ተንሸራቶ ይነበባል። ጥቅምት በአራት ቀን ይንሸራተታል፤ ጃንዋሪ 31 ቀን ስላለው አንድ ቀን ይጨመርበታል። ኅዳር እንደገና ወደ ሦስት ይመለሳል። ወተት በጾም ቀን ይቀንሳል፤ ረቡዕና አርብ ገበያው ቀዝቃዛ ነው። ፋይሉን በፈረንጅ ቀን ያነበበ አመልካች ግን ቅናሹን በመስከረም ቅዳሜና ሰኞ፣ በጥቅምት እሑድና ማክሰኞ ያገኘዋል። እሑድ የሚዘጋው ቅርንጫፍ አንዴ ረቡዕ አንዴ ሐሙስ የሚዘጋ ይመስለዋል። ከዚያም በንጹሕ ሠንጠረዥና ባማረ ሥዕል «ቅዳሜና ሰኞ የሚላከው ወተት ይቀነስ» ብሎ ይጽፋል።

ቀኑን ማስተካከሉ ራሱ ከባድ አይደለም። ከጳጉሜን በቀር የእኛ ወራት ሁሉም 30 ቀን ስለሆኑ ከመስከረም 1 መቁጠር ይበቃል። ቀኑን በኤ፣ ወሩን በቢ፣ ሊትሩን በሲ ዓምድ ለያይቶ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ይህችን ቀመር መጻፍ ነው፦

```
=DATE(2023,9,11)+(B2-1)*30+A2
```

መስከረም 1 ላይ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023ን ትሰጣለች፤ ጥቅምት 30 ላይ ኖቬምበር 10ን። ያ ቀን አርብ ነው። ያቺ 38 ሊትር ለምን አነሰች ማለት ደግሞ ራሷ መለሰች።

እንግዲህ አመልካቹ ይህን ሁሉ አውቆ ቢሠራውና ውጤቱን ብቻ ቢልክስ? መልሱ «ቅዳሜ» ይላል። ሌላው አመልካች «ሐሙስ» ብሎ ልኳል። እኔ አንባቢው ሁለቱን ቃላት አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጬ የትኛው ያሰበ፣ የትኛው የገመተ እንደሆነ ማወቅ የምችለው የሁለቱንም ስሌት ከሥር ጀምሬ ብፈታው ነው። ሠላሳ መልስ ለሚያነብ ሰው ይህ ጊዜ አይገኝም። ይህን ከሌላኛው ወገን ሆኜም ቀምሼዋለሁ። ወጣት ሳለሁ ለአንድ መሥሪያ ቤት ተመሳሳይ ፈተና ሠርቼ ፋይሉን ብቻ ላክሁ፤ ኢሜይሉ ላይ «አባሪውን ይመልከቱ» ከማለት ሌላ ቃል አልነበረበትም። ቁጥርህ ከእኛ ጋር አይገጥምም የሚል መልስ መጣ። ልዩነቱ ተመላሽ ዕቃዎችን እኔ ቀንሼ እነሱ ሳይቀንሱ በመያዛችን ነበር። ያንን የሚያስረዳ አንድ መስመር ጽፌ ቢሆን ኖሮ ንግግር ይከፈት ነበር። ዛሬም ያቺ መስመር ትቆጨኛለች።

ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ ታሳቢ ምን ያህል ሳይታወቅ እንደሚገባ ያሳያል። በፋይሉ ውስጥ 18 ቀናት ባዶ ናቸው፤ ሊትር አልተጻፈባቸውም። የቀሩት 72 ቀናት ድምር 5,760 ሊትር ነው። አማካዩን ለማውጣት ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን መጻፍ ይቻላል፦

```
=AVERAGE(C2:C91)
=SUM(C2:C91)/90
```

የመጀመሪያው 80 ሊትር ይላል፤ ሁለተኛው 64። ሁለቱም በትክክል አስልተዋል። `AVERAGE` ባዶ ሴልን ከቁጥር አያስገባም፤ ለ90 ማካፈል ግን ባዶውን ሁሉ ዜሮ ሽያጭ ያደርገዋል። የመጀመሪያውን የጻፈ ሰው «ባዶ ማለት ያልተመዘገበ ነው» ብሎ ወስኗል፤ ሁለተኛውን የጻፈ «ባዶ ማለት ምንም አልተሸጠም» ብሎ ወስኗል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሁለቱም መወሰናቸውን አያውቁም። ልምድ የሆነባቸውን ቀመር ነው የጻፉት። በ64ቱ ተመርቶ ወተት የሚልክ ሥራ አስኪያጅ ቅርንጫፉ በተከፈተ ቁጥር 16 ሊትር ያጎድላል።

ጠንቃቃ አመልካች ባዶዎቹን አንድ በአንድ ያያቸዋል። ቀኖቹ አስቀድመው ስለተስተካከሉ ከ18ቱ 13ቱ እሑድ መሆናቸው ወዲያው ይታያል፤ ከመስከረም 1 እስከ ኅዳር 30 ባለው ጊዜ ውስጥ ያሉት እሑዶች ደግሞ ልክ 13 ናቸው። ቅርንጫፉ እሑድ ዝግ ነው ማለት ይቻላል። የቀሩት አምስቱ ተከታታይ ናቸው፤ ከሰኞ ኅዳር 3 እስከ አርብ ኅዳር 7። ከዚያ በፊትም በኋላም ሽያጩ ደህና ነው። ምን ሆኖ ነው? ቅርንጫፉ ተዘግቶ ነው? ተሸጦ ሳይመዘገብ ቀርቶ ነው? ክፍት ሆኖ አንድ ሊትር አልሸጠም? ፋይሉ ስለዚህ አንዲት ቃል አይናገርም።

ለእኔ ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። እሑድ ዝግ ነው የሚለው ማስረጃ ያለው ታሳቢ ነው፤ 13 ባዶ፣ 13 እሑድ። የኅዳሩ ሳምንት ግን ማስረጃ የሌለው ታሳቢ ነው፤ አንዱን መምረጥ ግድ ስለሆነ የተመረጠ። በሸኚ ማስታወሻ ውስጥ ሁለቱ በአንድ ድምፅ መጻፍ የለባቸውም። የመጀመሪያውን ከነምክንያቱ አስቀምጦ ማለፍ ይበቃል። ሁለተኛው ላይ ግን «ከፋይሉ ማወቅ አልቻልኩም፣ እንዲህ ብዬ ወስጃለሁ፣ ካልሆነ ቁጥሩ ወደዚህ ይቀየራል» ማለት ያስፈልጋል። ይህቺ የመጨረሻዋ ሐረግ አብዛኛው ሰው የሚዘላት ናት። ታሳቢውን ጽፎ ቢሳሳት ምን እንደሚከተል ያልጻፈ ሰው አንባቢው ላይ ሥራ ጥሎበታል።

ማስታወሻው ተጽፎ ይህን ይመስላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። አርብ ለላካችሁልኝ የወተት ሽያጭ ፈተና መልሴን በአባሪነት ልኬያለሁ። ስሌቱ በኤክሴሉ ውስጥ ነው፤ የላካችሁት ዝርዝር ሳይነካ በመጀመሪያው ገጽ ላይ አለ።

መልሴ በአጭሩ፦ ወተት በብዛት የሚሸጠው ቅዳሜ ነው። ሽያጭ በተመዘገበባቸው 72 ቀናት ቅርንጫፉ በአማካይ 80 ሊትር ሸጧል።

ቀኖቹን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ወስጄያቸዋለሁ፤ 30/02 የሚል ቀን ስላለና 31 የሚል ስለሌለ። ባዶ ከሆኑት 18 ቀናት 13ቱ እሑድ ስለሆኑ ቅርንጫፉ ዝግ ነበር ብያለሁ። ከኅዳር 3 እስከ 7 ያሉት አምስት ባዶ ቀናት ምክንያት ከፋይሉ አይታወቅም፤ ሳይመዘገቡ ቀርተዋል ብዬ ከአማካዩ አውጥቻቸዋለሁ። ቅርንጫፉ በእነዚያ ቀናት ክፍት ሆኖ ምንም ካልሸጠ አማካዩ ወደ 75 ገደማ ይወርዳል፤ ቅዳሜ የሚለው መልስ ግን አይቀየርም። ከኅዳር 15 እስከ 30 ያሉት 16 ቀናት የነቢያት ጾም ስለሆኑ የሳምንቱን ቀናት ሳወዳድር አላስገባኋቸውም፤ በአማካዩ ውስጥ ግን አሉ።

ሦስት ወር አጭር ስለሆነ የዓመቱን ወቅቶች የሚመለከት ነገር አልጻፍኩም። ሥራው አራት ሰዓት ያህል ወስዶብኛል።

የኅዳሩን ሳምንት በተመለከተ የምታውቁት ካለ ብትነግሩኝ ስሌቱን አስተካክዬ በዚያው ቀን እልካለሁ። ቀኖቹን እንዴት እንደቀየርኩና የጾሙን ወቅት ለምን እንደለየሁ በስልክ ወይም በአካል ላስረዳ እችላለሁ፤ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ይመቸኛል። ከአክብሮት ጋር።»

ማስታወሻው ከመልሱ ይጀምራል። ታሳቢዎቹን ከመልሱ በፊት የሚደረድር ሰው ብዙ አያለሁ፤ አንባቢው ስለምን እንደሚጠነቀቁለት ሳያውቅ ጥንቃቄ ያነባል። ርዝመቱም በስልክ መስኮት ሁለት ሦስት ጊዜ ገፋ ተደርጎ የሚያልቅ ነው። ታሳቢ የሚባለው ሁሉ አልገባበትም፤ መልሱን ሊቀይር የሚችለውና አንባቢው «ለምን?» ብሎ የሚቆምበት ብቻ ነው የገባው። ሊትሩ ሊትር ነው ብዬ ወስጃለሁ የሚል ማስታወሻ አንብቤ አውቃለሁ፤ ዋናውን ታሳቢ ከዚህ ዓይነቱ መሀል ፈልጎ ማግኘት ያደክማል።

ማስታወሻው ውስጥ የሌለም ነገር አለ። ይቅርታ የለበትም። እኛ ሰውን ስናከብር ራሳችንን ዝቅ ማድረግ ልማዳችን ነውና «ጉድለት ካለብኝ በቅድሚያ ይቅርታ እጠይቃለሁ» ተብሎ የሚጻፍ ብዙ ነው። ትሕትናው መልካም ሆኖ ሳለ አንባቢውን የትኛው ቦታ ላይ እንደሚጠራጠር አይነግረውም፤ ሥራው ሁሉ ላይ እኩል ጥርጣሬ ያለብሳል። «የኅዳሩን ሳምንት ማወቅ አልቻልኩም» የሚለው ቃል ግን ጥርጣሬውን ከ90 ቀናት ወደ አምስት ያጠበዋል። ትሕትናም ነው፣ ለአንባቢው ይጠቅመዋልም።

ላስረዳ እችላለሁ የሚለው ግብዣም እንዲሁ ነው። «ለማንኛውም ጥያቄ ዝግጁ ነኝ» የሚለው አባባል ከደብዳቤ ማሳረጊያነት አያልፍም፤ ማንም አይደውልበትም። ምን እንደሚያስረዳ፣ መቼ እንደሚገኝ የጻፈ ሰው ግን አንባቢው የሚመልሰውን ጥያቄ አስቀምጦለታል። ሰዓቱ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አሁን አሁን ብዙ ልጆች አዲስ አበባ ተቀምጠው ውጭ አገር ላለ ድርጅት ያመለክታሉ። ለዚያ አንባቢ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ማለት ሌላ ነው፤ ሌሊት ላይ የሚደውል ሰው ይመጣል። ለእነሱ 10:00 AM ብሎ፣ የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት መሆኑን አክሎ መጻፍ ይገባል። ቀኑንም በፈረንጁ አቆጣጠር፣ የወሩን ስም በፊደል ጽፎ።

መቼ ይጠየቅ፣ መቼ ይታሰብ የሚለው ደግሞ ብዙዎችን ያወዛግባል። ፋይሉን ከፍቶ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ሥራውን ሁሉ የሚገለብጥ ነገር ያገኘ ሰው መጠየቅ አለበት ባይ ነኝ፤ ለምሳሌ አቆጣጠሩ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የሚጠቁም ምንም ምልክት ባይኖር። መልሱ ሳይመጣ ጊዜው ካለቀ ታስቦ ይሠራል፣ መጠየቁም በማስታወሻው ላይ ይጠቀሳል። እንደ ኅዳሩ ሳምንት ያለውን ግን መልስ እየጠበቁ ሥራ ማቆም አያስፈልግም። ደግሞም አንዳንድ ፈታኝ ክፍተቱን ሆን ብሎ ነው የሚተወው፤ አመልካቹ አይቶት እንደሆነ ለማወቅ።

ላስረዳ ያለ ሰው ማስረዳት የሚችል መሆን አለበት፤ ይህ ደግሞ ከመላክ በፊት የሚዘጋጅ ነው። በኤክሴሉ ውስጥ 72 የሚለውን ቁጥር ቀመሩ ውስጥ ከመቅበር በአንድ ሴል ላይ ለብቻው፣ ከአጠገቡ «የተቆጠሩ ቀናት» ተብሎ ተጽፎ ማስቀመጥ ይበጃል፦

```
=SUM(C2:C91)/F1
```

ከዚያ ቃለ መጠይቁ ይመጣል። ጠያቂው ወረቀቱን አገላብጦ «የኅዳሩን ሳምንት ጠይቀኸን ነበር፤ ቅርንጫፉ ክፍት ነበር፣ ማቀዝቀዣው ተበላሽቶ ወተት አልተላከለትም» ይላል። አመልካቹ ላፕቶፑን ወደ እሱ ያዞርና F1 ላይ ያለውን 72 አጥፍቶ 77 ይጽፋል። 80 የነበረው 74.8 ይሆናል። «ይህ የተሸጠው ነው» ይላል፣ «ደንበኞች የሚፈልጉት ግን ወደ 80ው ይቀርባል፤ በዚያ ሳምንት ያልገዙት ስላልፈለጉ አይደለም።» ጠያቂው ብዕሩን አስቀምጦ ሁለተኛውን ቁጥር ለምን እንደመረጠ ይጠይቀዋል።